ድርጅቱ እውነተኛ ነው፤ ድረ ገጹስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። የእህል ወፍጮ ከነሞተሩ ልገዛ ስፈልግ አዲስ አበባ ያለ የታወቀ አስመጪ ድረ ገጽ አገኘሁ። ስሙም፣ ዓርማውም፣ አድራሻውም የእነሱ ነው። ንግድ ፈቃዳቸውን በቴሌግራም ልከውልኝ አጣርቻለሁ፣ ትክክል ነው። ከ640,000 ብር ግማሹን፣ 320,000 ብር፣ በባንክ ከፈልኩ። ቢሯቸው ስሄድ ግን ‹አናውቅህም፣ ድረ ገጹም የኛ አይደለም› አሉኝ። ድርጅቱን ከስሼ ገንዘቤን ማግኘት እችላለሁ? ፌስቡክ ላይም ላጋልጣቸው አስቤያለሁ።»

መልስ፦ በመጀመሪያ ፌስቡኩን ይተዉት። ድርጅቱ የሌለበትን ነገር «ሌባ ነው» ብለው ከለጠፉ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 በስም ማጥፋት የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስሙን፣ ዓርማውን፣ አድራሻውን፣ ንግድ ፈቃዱን ዘርዝረው ነግረውኛል። ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ በማን ስም እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። በሞባይል ከላኩ፣ «አረጋግጥ» ከማለትዎ በፊት የተቀባዩ ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣል። በቅርንጫፍ ከከፈሉም ደረሰኙ ላይ አለ። ስሙን አይተውታል ብዬ አምናለሁ። የግለሰብ ስም ነበር አይደል? «የሥራ አስኪያጁ ሒሳብ ነው» ወይም «የድርጅቱ ሒሳብ ዛሬ ሲስተም የለውም» ሳይሉዎት አልቀሩም።

ሌላም ነገር እጠረጥራለሁ፤ አይቀየሙኝ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ቫት ይቀርልዎታል» ተብለው ይሆን? እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለጠበቃዎ አይደብቁ። የቴሌግራሙ ንግግር መርማሪው እጅ መግባቱ አይቀርም። የሰጡት ቃል ከንግግሩ ጋር ከተጋጨ ያልዋሹበት ነገር ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል። የተደበቀ እውነት ያበላሸው የተበዳይ ጉዳይ አይቻለሁ።

ድርጅቱን ስለመክሰስ ባጭሩ ልንገርዎ። ውል የሚጸናው በተዋዋዮች ፈቃድ ወይም በወኪላቸው በኩል ነው። ስሙን የሰረቀው ሰው ደግሞ ወኪሉ አይደለም። ከውስጥ የተባበረ ሠራተኛ ካለ ነገሩ ይለያል፤ ያ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ካልሆነ የዳኝነት ገንዘብ ከፍለው የሚከሱት ዋና ምስክርዎን ነው። ድርጅቱም እንደ እርስዎ ተበዳይ ነው። ተመልሰው ይሂዱና በእርጋታ አንድ ደብዳቤ ይጠይቁ። «ይህ ድረ ገጽ፣ ይህ ስልክና ይህ የባንክ ሒሳብ የእኛ አይደሉም» የሚል፣ ማኅተም ያለው ይሁን። ያ ወረቀት ለፖሊስ ብዙ ያቃልልለታል።

አሁን ደንበኞቼ ሁሉ ወደሚወድቁበት ጉድጓድ ልግባ። እርስዎ አጣርቻለሁ ብለዋል፤ እውነትዎን ነው፣ አጣርተዋል። ግን ያጣሩት ድርጅቱ መኖሩን ነው። ማጣራት የነበረብዎት ድረ ገጹ የድርጅቱ መሆኑን ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አጭበርባሪው በእውነተኛ ድርጅት ስም የሚመጣው የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም ሲያጣራ «ትክክል ነው» የሚል መልስ እንዲያገኝ ነው። ንግድ ፈቃዱን etrade.gov.et ላይ በቲን ቁጥሩ ቢፈልጉት ይገኛል። ካርታ ላይ ቢያዩ ሕንፃው አለ። ነገር ግን ፈቃዱ ያለው ሰው እና ፎቶውን የላከልዎት ሰው አንድ መሆናቸውን መዝገቡ አይነግርዎትም። የፈቃድ ፎቶ ከየትም ይገለበጣል።

ባለፈው አንድ የደብረ ብርሃን ነጋዴ በተመሳሳይ ጉዳይ ቢሮዬ መጣ። ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ የእነሱ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ዓርማውንና ፎቶውን ተወውና ላይኛው መስመር ላይ ያለውን አድራሻ ፊደል በፊደል አንብብልኝ አልኩት። ማንበብ ጀመረ። መሐል ላይ ቆመ። «ሰረዝ አለችው» አለ።

የዋናው ድርጅት አድራሻ example.com.et ነው እንበል። የሱ ስልክ ላይ የነበረው example-et.com ዓይነት ነበር። ለዓይን ወንድማማች ይመስላሉ። ባለቤታቸው ግን አንድ ላይሆን ይችላል። በ .com የሚያልቅ ስም ንግድ ፈቃድ ሳያሳይ ማንም ሰው በትንሽ ገንዘብ ያስመዘግባል። አድራሻው አጠገብ ያለችው የቁልፍ ምልክትም አታታልልዎት። የሚላከው መረጃ በመንገድ ላይ እንደማይነበብ ትናገራለች እንጂ ተቀባዩ ማን እንደሆነ አትናገርም።

ከዚያ አድራሻውን lookup.icann.org ላይ አስገባን። «Created» ከሚለው ቃል ጎን የተመዘገበበት ቀን ይወጣል። ድረ ገጹ «ለ20 ዓመት ያገለገልን» ይላል፤ የተመዘገበው ግን ሰውዬው ከመክፈሉ 3 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ይህ ዘዴ ልክ አለው። ቀኑ አዲስ ከሆነ መጠርጠር ነው፤ አሮጌ መሆኑ ግን ነጻ አያወጣም፤ አሮጌ ስም ገዝተው የሚሠሩ አሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ስልክ ነው። ግን ድረ ገጹ ላይ ባለው ቁጥር አይደውሉ፤ እሱን የሚያነሳው ራሱ አጭበርባሪው ነው። የደብረ ብርሃኑን ነጋዴ ቀደም ሲል ከዚያ አስመጪ ወፍጮ የገዛ ጎረቤት አለህ ወይ አልኩት። አለ፤ አሮጌ የግዢ ደረሰኝም አስቀምጧል። ደረሰኙ ላይ ባለው ቁጥር ደወልን። በ2 ደቂቃ ውስጥ «ያ ሒሳብ የኛ አይደለም» አሉን። ያችን ስልክ ከመክፈሉ በፊት ቢደውላት ኖሮ! የእርስዎም ሰፈር እንዲህ ያለ ደረሰኝ አይጠፋም። ደውለው የሚጠይቁት «ድርጅቱ አለ ወይ?» ብለው ሳይሆን «ይህ ድረ ገጽና ይህ የሒሳብ ቁጥር የእናንተ ነው ወይ?» ብለው ነው።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 እና በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ሊታይ የሚችል ማታለል ነው። የትኛው እንደሚጠቀስ የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ነው። የሒሳቡን ባለቤት ደግሞ በፍትሐ ብሔር፣ ያላግባብ በመበልጸግ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2162) መክሰስ ይቻል ይሆናል። መታወቂያውን ያከራየ ምስኪን ሆኖ ገንዘቡ ወጥቶ ካለቀ ግን ፍርዱ ወረቀት ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ክስ ከመክፈትዎ በፊት ሰነዶቹን ለጠበቃ ያሳዩ።

መቼ እንደከፈሉም አልጻፉልኝም። ትናንት ከሆነ ይህን ማንበብ ትተው ወደ ባንክዎ ይሂዱ። በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማመልከቻዎን የተቀበሉበትን ፊርማና ቀን ቅጂው ላይ ያስፈርሙ። ባንኩ በራሱ ገንዘቡን አውጥቶ እንዲመልስልዎ አይጠብቁ። ያለ ፖሊስ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ብዙ አይራመድም። በዚያው ቀን ለፖሊስ ያመልክቱ።

የቴሌግራሙን ንግግር አያጥፉ፣ ሰውዬውንም ገና አይሳደቡት። እሱ መልእክቶቹን ከእርስዎም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ ከተናደደ ወይም ከነቃ ያደርገዋል። መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች በስክሪንሾት ይያዙት። ድረ ገጹንም ሲያነሱ አድራሻው ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት፤ ዓርማው ብቻ የሚታይበት ፎቶ የዋናው ድርጅት ይመስላል እንጂ ምንም አያስረዳም። እነዚህን፣ የባንክ ደረሰኙንና የድርጅቱን ደብዳቤ ይዘው ደብረ ብርሃን ወይም እዚያው መሐል ሜዳ የሚያምኑትን ጠበቃ ያነጋግሩ። የሒሳቡን ባለቤት ስም ግን በዚያን ጊዜ መጀመሪያ ይንገሩት።