መልስ፦ የፎርድ መገጣጠሚያ መስመርና የመኪና ዋጋ

«ዕቃው በሠራተኛው ፊት ስላለፈ ብቻ የመኪና ዋጋ እንዴት ይወርዳል? ሠራተኛውስ ምን አገኘ?»

በአንድ መኪና ላይ የሚጠፋው የሰው ሰዓት ስለሚቀንስ ነው። ማግኔቶን እንይ፤ ለሞተሩ ብልጭታ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል ነው። እስከ 1913 እ.ኤ.አ. በፎርድ የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ አንድ ሰው ብቻውን ሲገጥመው 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። ለ29 ሠራተኞች ሲከፋፈል፣ የሁሉም ጊዜ ተደምሮ ለአንድ ማግኔቶ ወደ 13 ደቂቃ ወረደ። ሠራተኞቹ እያጎነበሱ ወገባቸውን ስላመማቸው መስመሩ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ተደረገ፤ 7 ደቂቃ ሆነ። ኋላ ሰንሰለት ሲጎትተው 14 ሰዎች ብቻ በቁ፤ የሁሉም ጊዜ ተደምሮ ለአንዱ 5 ደቂቃ ሆነ። በ1908 ዋጋው 850 ዶላር የነበረው የፎርድ መኪና ሞዴል ቲ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 በታች ወረደ።

ሠራተኛው ግን ቀኑን ሙሉ ያንኑ ብሎን ማጥበቅ ሰልችቶት ሥራውን ጥሎ ይሄድ ነበር። በ1914 የቀን ክፍያው 5 ዶላር፣ የሥራው ሰዓትም 8 የሆነው በዋናነት ሰው እንዲቆይ ነው። ከገንዘቡ ግማሽ ያህሉ የትርፍ ድርሻ ስለነበር፣ ኩባንያው ቤት ድረስ መርማሪ ልኮ አኗኗሩን ላልወደደለት ሠራተኛ ይህን ድርሻ አይከፍልም ነበር።