«የስልሳዎቹ ፖስተር ፊደል» ሲባል የትኛው ነው?

«ደንበኛዬ ለቡና ቤቷ ታፔላ "የስልሳዎቹ ፖስተር ላይ ያለው ዓይነት ፊደል" ትላለች። ፎቶ የላትም። "እንደ ቦካ ሊጥ ያበጠ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ዳር ዳሩን አበባ የተጠማዘዘበት" ነው ያለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ፎንት ስፈልግ ዋልኩ። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ፎንት ፍለጋውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ደውልላትና «ስልሳዎቹ» ያለችው በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቃት። በእኛ 1960ዎቹ ማለት በፈረንጅ ከመስከረም 1967 እስከ መስከረም 1977 ድረስ ነው። ሰው የአባቱን ቤት ግድግዳ እያስታወሰ ሲያወራ ደግሞ የሚቆጥረው በእኛ ነው።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ዳር ጭማቂ ቤት የሚከፍቱ አንድ ጋሼ ልክ እንዳንተዋ ደንበኛ «የስልሳዎቹን» አሉኝ። እኔ በፈረንጅ ቆጠርኩና እንደ ሄልቬቲካ ያለ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ጌጥ የሌለው ፊደል ይዤ ሄድኩ። ሄልቬቲካ የወጣው በ1957 ነው፣ ለዘመኑ ልክ ነኝ ብዬ ነበር። አዩትና «ይሄ እኮ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነው፤ የእኔዎቹ ሆዳቸው የሞላ ነበር» አሉኝ። ሁለት ዲዛይን ከጣልኩ በኋላ ነው ስለ አቆጣጠሩ የጠየቅኳቸው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ያበጠ፣ የተጣበቀ፣ አበባ ያለው፤ ይህ መግለጫ ለሁለት ዘመን ይሆናል። አንዱ በፈረንጅ 1900 አካባቢ የነበረው አር ኑቮ የሚባለው ነው። ሌላው ከ1966 ጀምሮ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሙዚቃ ዝግጅት ይሠሩ የነበሩት ፖስተሮች ናቸው። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በአጋጣሚ አይደለም። ከሳን ፍራንሲስኮዎቹ ዋነኛ የነበረው ዌስ ዊልሰን የፊደሉን ቅርጽ የወሰደው ከቪየናው አልፍሬድ ሮለር ነው። ሮለር በ1903 ሴሴሽን ለሚባለው የቪየና ሠዓሊዎች ማኅበር የሥዕል ኤግዚቢሽን የሠራውን ፖስተር ፈልገህ እየው። ፊደሎቹ እንደ ጡብ ተደርድረው ቦታውን ጥቅጥቅ አድርገው ሞልተውታል፣ በመሃላቸው የቀረው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ነው። ዊልሰን ያንን ወስዶ አቀለጠው፣ አወዛወዘው።

ስለዚህ የምትለየው በሁለት ነገር ነው፣ በአካሉና በጌጡ።

አካሉን ለማወቅ ደንበኛዋን «ከሩቅ ስታይው ቀድሞ የሚታይሽ ፊደሉ ነው ወይስ አንድ ትልቅ ቅርጽ?» በላት። የ1900ው አር ኑቮ ፊደል እንደ ተክል ግንድ ነው። ቀጭን ይጀምራል፣ መሃል ላይ ወይም ጫፉ ላይ ይወፍራል፣ ተመልሶ ይቀጥናል። አርኖልድ ቦክሊን የሚባለው በ1904 ሽቱትጋርት የወጣ ፎንት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ Arnold Boecklin ብለህ ብትፈልገው ታገኘዋለህ። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቆሞ ይነበባል። የ1966ቱ ግን መስመር አይደለም፣ ቁራጭ ነው። ቃሉ በሙሉ እንደ ነበልባል ወይም እንደ እንቁላል ያለ ቅርጽ ይሞላል፤ አንተ የምታነበው ቀለሙን ሳይሆን በመሃል የቀረውን ስንጥቅ ነው። ለማንበብ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ደንበኛዋ «መጀመሪያ ምን እንደሚል አይገባኝም ነበር» ካለችህ ነገሩ አበቃ፣ ሁለተኛው ነው።

ጌጡ ላይ ደግሞ አበባው ከየት እንደሚበቅል ጠይቃት። በአር ኑቮ አበባውና ሐረጉ ራሳቸውን ችለው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም ከፊደሉ ጭራ ይወጣሉ። በ1966ቱ ፖስተር ፊደሉ ራሱ ጌጥ ስለሆነ ሌላ ጌጥ ብዙ አያስፈልገውም። እሷ «ዳር ዳሩን አበባ» ብላለች፣ ይህ ወደ አር ኑቮ ይጎትታል። «የተጣበቀ» ያለችው ግን ወደ ሌላው ይጎትታል። እንዲህ ሲጋጭብህ አትደንግጥ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ነው። አር ኑቮ በፈረንጅ 1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ተመልሶ ፋሽን ሆኖ ነበር፣ አርኖልድ ቦክሊንም ጭምር። ያ ደግሞ ልክ የእኛ ስልሳዎቹ ነው። ስለዚህ ቅርጹን ብቻ አይተህ «ይሄ የ1904 ነው» ብትል ትሳሳታለህ።

ድሮውን ከተመላሹ ለመለየት ትንንሾቹን ጽሑፎች አስታውሳት፣ ቀኑንና ቦታውን የሚናገሩትን። በእርሳስ ፊደል ዘመን እያንዳንዱ ፊደል በራሱ የብረት ቁራጭ ላይ ስለሚቀመጥ ጎረቤቱ ላይ መደረብ አይችልም ነበር። በፎቶ የሚለቀም ፊደልና ተፍቆ የሚለጠፈው ሌትራሴት ሲመጡ ግን እንደፈለጉ ማጣበቅ ተቻለ። ትንንሹም ጭምር ከተጣበቀ ወደ ኋለኛው ዘመን አድላ። ይህ በእጅ ተስሎ በድንጋይ ለታተመ ፖስተር አይሠራም፤ የእጅ ሥራ በየትኛውም ዘመን ሊጣበቅ ይችላል፣ የሮለርም እንደዚያው ነው። ያኔ ቀለሙን ጠይቅ። ቀይ ከአረንጓዴ፣ ብርቱካን ከሰማያዊ ጎን ለጎን ሆኖ ዓይን የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ የ1966ቱ ወገን ነው።

በአጋጣሚ «ፀሐይ እንደምትወጣ ጨረር ነበረው» ወይም «በኮምፓስ የተሠራ ይመስላል» ካለችህ ሁሉንም እርሳው። ያ አር ዴኮ ነው፣ የ1920ዎቹና የ30ዎቹ።

እንበልና ለየኸው። እነዚህ ፎንቶች የላቲን ናቸው፣ አማርኛውን በእጅህ መሳል አለብህ። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። አር ኑቮ የፊደሉን ወገብ ከመሃል አንስቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መውሰድ ይወዳል። በላቲን R ወገቧ ቢወርድም R ናት። በእኛ ግን «ቡ» ላይ ቅጥያዋ ቀኝ እግሩ መሃል ላይ ናት፣ «ቢ» ላይ ደግሞ እግሩ ሥር። ወገቡን ላሳምር ብለህ ቅጥያዋን ወደ ታች ካወረድካት ቡናህ «ቢና» ሆነ። ለጋሼ ጭማቂ ቤት «ጁ»ን ስስል ደርሶብኛል፣ «ጂስ» ብለው አነበቡልኝ። ስለዚህ በ«ቡ» ላይ ወገቡን ወደ ላይ ብቻ አንሳ። ውፍረቱን እግሩ ሥር ልታደርገው ከፈለግህ የግራውን እግር አሳብጥ፣ የቀኙን ቀጭን ተወው፣ ቅጥያዋ አየር ታግኝ።

የ1966ቱን ከመረጥክ ደግሞ መጀመሪያ የውጭውን ቅርጽ ሳል፣ በፊደሉ ቁጥር በሚወዛወዝ መስመር ከፋፍለው፣ ከዚያ ከየቁራጩ ነጩን ፍቀህ አውጣ። ከፊደል ተነስተህ ለማሳበጥ ከሞከርክ ፊኛ ነው የሚመስልብህ። የ«ቤ» ቀለበት በስንጥቁ እንዳትዋጥ ቀዳዳዋን ከሌላው ነጭ ሰፋ አድርጋት።

ረቂቁን በኤ አራት አትመህ ግድግዳ ላይ ለጥፍና ሃያ እርምጃ ራቅ። የቡና ቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ጥራና ጮክ ብሎ ያንብበው። አንዲት ቅጥያ ካሳሳተ ቀለም ሳትገዛ አስተካክል። ደንበኛዋ ስለ አቆጣጠሩ የምትለውን እዚህ ጻፍልኝ፣ ረቂቁንም አብረን እናየዋለን።