ልጅዎ የሳቀባት ያቺ ማታ

ጥያቄ፦ ሰባት ዓመት የሆነው ልጄ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር እንዳለበት ባለሙያ ከነገረን አራት ወር ሆነው። ጨዋታ ይረዳዋል ስለተባልኩ ቃላት የጻፍኩባቸው ካርዶች አዘጋጀሁ። ሰዓት እየያዝኩ «በአንድ ደቂቃ ስንት ታነባለህ?» እያልኩ አጫውተዋለሁ፤ እንዲነሳሳ ብዬም የአምስት ዓመት እህቱን አስገባኋት። ሁለት ቀን ደስ ብሎት ተጫወተ። ከዚያ «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ካርዶቹን ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አገኘኋቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት አንድ ማታ ብቻ ነው፤ ያውም እኔ ደክሞኝ ቃል አሳስቼ ሳነብ። ባለቤቴ ጨዋታው ሲጀመር ተነስቶ ይወጣል። «ተይው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ነው መልሱ። ወረቀት ሲመጣለት እንኳ «አንብቢልኝ» ብሎ ለእኔ የሚሰጥ ሰው ስለ ንባብ ምን ያውቃል? ብቻዬን ቀርቻለሁ። ትምህርት መሆኑን ሳያውቅ የሚጫወተው ጨዋታ ካለ ይንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያቆመኝ አንድ ቦታ ነው፤ እርስዎ ግን «ያውም» ብለው አለፉት። ልጅዎ የሳቀባት ያቺ ማታ።

በእናቱ ድካም የሳቀ ክፉ ልጅ አድርገው እንዳያዩት። እሱ ባለበት ክፍል ውስጥ የሚሳሳተው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። ትምህርት ቤትም እሱ ነው፣ ቤትም እሱ ነው። ያን ዕለት ግን ሁለት ሆናችሁ። እርስዎ ተሳሳቱ፣ ማንም አላረመዎትም፣ ምንም አልደረሰብዎትም፣ ንባብዎን ቀጠሉ። የሰባት ዓመት ልጅ «መሳሳት ምንም አይደል» የሚባለውን ምክር ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፤ ሲሆን ያየው ግን ያን ማታ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ካርዶቹ እንመለስ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ያለውን ቃል እርስዎ ያውቁታል። እሱ ያነባል፣ እርስዎ ይፈርዳሉ። ጨዋታ ማለት መጨረሻው ለሁለቱም ተጫዋቾች ያልታወቀ ነገር ነው። አንደኛው መልሱን ይዞ ሌላውን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ካርዱ የፈለገውን ያህል ቀለም ቢቀባ ፈተና ነው። ሰዓቱ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ብዙ ልጆች ፊደሉን እያወቁት እንኳ ድምፁን ከአእምሯቸው ለማውጣት ከሌላው ልጅ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሰዓት መያዝ የሚለካው ያወቀውን ሳይሆን የሚከብደውን ነው። የእህቱን ነገር ብዙ አልናገርም፤ ታናሽ እህት ስትቀድመው በዓይኑ እያየ መጫወት ለማንም ከባድ ነው። እሷ ሌላ ጨዋታ ይኑራት።

የጠየቁኝ «ሳያውቅ የሚጫወተው» ጨዋታ ነው። ቅር እንዳይልዎት እንጂ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር አልስማማም። ማንበብ የሚቸግረው ልጅ ትምህርትን ከሩቅ በማሽተት የሚስተካከለው የለም፤ በዚህ እንደ ባለሙያ ሊቆጠር ይችላል። ሸፋፍነው ሲያቀርቡለት የሚረዳው ነገር ቢኖር ችግሩ የሚሸፈን አሳፋሪ ነገር መሆኑን ነው። «ይህ ለንባብ የሚረዳህ ጨዋታ ነው፤ እኔም እሳሳታለሁ፣ አንተም ትሳሳታለህ» ብለው በግልጽ ይንገሩት። መደበቅ ያለበት ትምህርቱ አይደለም፤ ከክፍሉ መውጣት ያለበት ፈታኙ ነው።

ይህን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ጨዋታ ላሳይዎት። እኔ «ስህተት አደን» እለዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ወረቀት አያምጡ። በድምፅ ብቻ ይጫወቱ። «ሰላም» ከሚለው ላይ «ሰ»ን ብናነሳ ምን ይቀራል? ላም። ከ«አባት» ላይ «አ» ስትነሳ ባት፣ ከ«እናት» ላይ «እ» ስትነሳ ናት። ለማንበብ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቃል የሚሰባበርና የሚገጣጠም መሆኑን ጆሮ ማወቁ ነው፤ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ደግሞ በአብዛኛው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ከሦስት ጥያቄ ሁለቱን ጠያቂው እሱ ይሁን። ከ«ብርድ ልብስ» መካከል «ል»ን አውጪ ቢልዎት እርስዎም ይንተባተባሉ። ያ መንተባተብ እውነተኛ ስለሆነ ለጨዋታው ወርቅ ነው።

ከዚያ ወረቀት ይምጣ። አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር ያላት፣ ልጅዎ በጆሮው የሚያውቃት ተረት ይምረጡ፤ ፊደሏ ተለቅ ያለ፣ መስመሮቿ የተራራቁ ቢሆኑ ይሻላል። መጀመሪያ በትክክል ያንብቡለት። ሁለተኛ ሲያነቡ ሦስት ስህተት ይጨምሩበት፤ የእሱ ሥራ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ስህተቱን መያዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስህተቱ የሚያስቅ ይሁን፦ ወረቀቱ «ወፏ በረረች» ሲል እርስዎ «ላሟ በረረች» ይበሉ። ይህን በጆሮው ብቻ ይይዘዋል፤ ለጊዜው በቂ ነው።

ሲለምደው ስህተቱን እያሳነሱ ይሂዱ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት መልክ 231 ይሆናሉ፤ ብዙ ልጅ የሚደናገረው አንዱን የፊደል ቤተሰብ ከሌላው በመለየት ብቻ ሳይሆን፣ በአንዱ ቤተሰብ ውስጥ በምትታየው ትንሽ ቅጥያና እጥፋት ነው። «ስም» የሚለውን «ሰም»፣ «ብር» የሚለውን «በር»፣ «ቅን» የሚለውን «ቀን» ብለው ያንብቡ። አሁን ስህተቱን ለመያዝ ጆሮ ብቻውን አይበቃውም፤ ፊደሉን ማየት አለበት። «አይደለም!» ሲልዎት «የት ላይ?» ብለው ጣቱን ይከተሉ። ይህን ጊዜ ፈራጁ እርስዎ መሆንዎ ቀርቶ ወረቀቱ ይሆናል። «ታዲያ ምን ይላል?» ብለው አይጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይናገረዋል፤ ባይናገር እርስዎ አስተካክለው ይቀጥሉ። ያመለጠውን ስህተትም «አንድ ቀርቶሃል» አይበሉ። ያመለጠው አመለጠ፣ አዳኝም ያልፈዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አያሳይም። «ገና» እና «አለ» የሚሉት ቃላት በሁለት መንገድ ይነበባሉ፤ አዋቂም ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን አይቶ ተመልሶ ነው የሚያስተካክለው። እንዲህ ያለ እውነተኛ ስህተት ሲያጋጥምዎት አይሸሽጉት። «እንዴ፣ ይህኛውን ሆን ብዬ አልነበረም» ይበሉ።

አሁን ደግሞ ይህን ጨዋታ የምወድበት ምክንያት። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ቦታ ይለዋወጡ፦ እሱ አንባቢ፣ እርስዎ አዳኝ። አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ያውም ቀደም ብሎ የለመዳቸውን። ሕጉ «አንባቢው የፈለገውን ያህል እንዲሳሳት ተፈቅዶለታል» ነው። ልብ ይበሉ፤ ሆን ብሎ የተሳሳተውንና ሳያስበው የተሳሳተውን ከእሱ በቀር በእርግጠኝነት የሚለይ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ የሚያስከፍለው ዋጋ የለም። እርስዎ ስህተቱን ሲይዙበት «አሞኘሁሽ!» ማለት ይችላል። እርስዎ ግን በአብዛኛው ያውቁታል፦ ሆን ብሎ ሊሳሳት ሲል ከቃሉ በፊት ፈገግታው ይመጣል። ያወቁትን ለራስዎ ይያዙት፤ ደጋግሞ የሚያሳስተውን ፊደል ማታ ማስታወሻ ላይ ጽፈው ለሚያስተምረው ባለሙያ ይስጡ።

ጨዋታው እየተበላሸ መሆኑን በዓይኖቹ ያውቃሉ። ወረቀቱን ትቶ ፊትዎን ማየት ከጀመረ ፈታኟ ተመልሳ መጥታለች ማለት ነው፤ ስህተቱን የሚፈልገው ከፊደሉ ሳይሆን ከእርስዎ ገጽታ ነው። ያኔ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለታችሁም ወደ ወረቀቱ ብትመለከቱ ይሻላል። ስህተትዎ በዝቶ «እያሾፍሽብኝ ነው» ካለ ደግሞ እውነት አለው፤ ይቀንሱ። «ጎበዝ» የሚለውንም ቆጥበው ይጠቀሙበት። ቀላል ነገር ሠርቶ ሲመሰገን ምን ያህል ዝቅ አድርገው እንደሚገምቱት ይገባዋል። «ያቺን ‹ስ› እንዴት አየሃት? እኔ የምታልፍህ መስሎኝ ነበር» ማለት የተሻለ ነው።

በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ እንዲያውም ሰባት። እሱ «አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚ» እያለ ያቁሙ። የደከመው ቀን ይለፈው። ይህ ሁሉ ግን ድምፅና ፊደልን ደረጃ በደረጃ እያያያዘ የሚያስተምር የሠለጠነ ሰው የሚሰጠውን ትምህርት አይተካም። የጨዋታው ሥራ ልጁ ከወረቀት እንዳይሸሽ ማድረግ ነው፤ ይህም በሳምንት ውስጥ ላይታይ ስለሚችል ይታገሱ። የሆድ ሕመሙ ጨዋታው ከቀረ በኋላም ከቀጠለ፣ በተለይ በትምህርት ቀን ጠዋት ጠዋት ከሆነ፣ ሐኪም ይየውና የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያም በአካል ያግኘው።

ባለቤትዎን በተመለከተ ከደብዳቤ ላይ ምርመራ አላደርግም፤ ልሳሳትም እችላለሁ። ነገር ግን ወረቀት ሲመጣለት ለእርስዎ የሚሰጥ፣ ንባብ ሲጀመር ተነስቶ የሚወጣ ሰው ግዴለሽ ነው ብዬ ለመደምደም ይከብደኛል። ዲስሌክሲያ በዘር የሚሄድ ነገር ነው፤ ችግሩ ያለበት ወላጅ ልጅ ላይ የመታየት ዕድሉ ከሌሎች ልጆች በብዙ ይበልጣል። «ሲያድግ ይተወዋል» ማለቱ ትክክል አይደለም፤ ልጁ አብሮት ማንበብን ይማራል እንጂ ዲስሌክሲያው አይለቀውም። «ተይው» የሚለው ግን ምናልባት በልጅነቱ ለእሱ እንዲባልለት ይመኘው የነበረ ቃል ቢሆንስ? እርስዎ «ስለ ንባብ ምን ያውቃል?» ብለዋል። እኔ ደግሞ በዚያ ቤት ልጁ ምን እንደሚሰማው ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ «ና፣ አብረን እናስጠናው» አይበሉት፤ በልጁ ፊት አንብብም አይበሉት። ልጆቹ ሲተኙ «አንተ በሰባት ዓመትህ ንባብ እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካልሰጠ አይጫኑት፤ ሌላ ቀን አለ። ከተናገረ ደግሞ ምክር ሳያቀርቡ ይስሙት፣ ፈቃደኛ ከሆነም ሁለታችሁም ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ እመርጣለሁ። የድምፅ ጨዋታው ወረቀት ስለማይፈልግ የሚጀመረው ከእሱ ጋር ቢሆን ጥሩ ነው፤ «ብርድ ልብስ»ን ልጁ ለአባቱም ይጠይቀው። ከቅርጫት ያወጧቸውን ካርዶች ግን ወደነበሩበት ይመልሷቸው።