ክራንቻው ቢረዝምም ጅብ አይደለም

«ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ያገኘሁት የራስ ቅል ነው። ክራንቻው ረጅም ነው። ሰፈር ውስጥ ጅብ ነው ይሉኛል፤ እኔ ውሻ መስሎኛል። ምንድን ነው?»

አብሽር ወንድሜ፣ ሁለቱም አይደለም። ዝንጀሮ ነው፣ ያውም ወንድ። እኔም ደሴ የእንስሳት ጤና ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ገበሬ እንዲህ ያለ ፎቶ በስልክ ሲያሳየኝ «ውሻ ነው» ብዬ መለስኩ። በሳምንቱ ቅሉን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣና አፈርኩ።

ያኔ ክራንቻውን አይቼ መንጋጋውን አላየሁም። አንተ የላይኛውን አፍ ከሥር ያነሳህበትን ሦስተኛውን ፎቶ አጉላው። የኋላ ጥርሶቹ እያንዳንዳቸው አራት ጉብታ አላቸው፤ ጉብታዎቹም ሁለት ሁለት ሆነው በአግድም ተያይዘዋል። ይህ የሚፈጭ ጥርስ ነው። ውሻና ጅብ እዚያ ቦታ ላይ ላይኛውና ታችኛው እንደ መቀስ የሚተላለፍ ስለታም ጥርስ አላቸው። ይህ ካላሳመነህ በሁለቱ ክራንቻዎች መካከል ያሉትን የላይኛ የፊት ጥርሶች ቁጠር። ውሻም ጅብም ስድስት ናቸው፣ ያንተ ግን አራት፤ እንደ እኛው። ቢረግፉም ጉድጓዳቸው ይቆጠራል።

ቀጥሎ የዓይኑን ጉድጓድ እይ። ሁለቱም ወደ ፊት ያያሉ፣ ከኋላቸውም የአጥንት ግድግዳ አለ። የውሻን ቅል ብትይዝ በዓይኑ ጉድጓድ ያስገባኸው ጣት በጎን በኩል ወደ ጆሮ ግንዱ ያልፋል፤ የሚዘጋው የለም። በግና ፍየል ዙሪያውን የአጥንት ቀለበት አላቸው፣ ዓይናቸው ግን ወደ ጎን ነው፤ ላይኛው መንጋጋቸው ላይም የፊት ጥርስ የለም።

ያሳሳተህ የአፍና የአፍንጫው ርዝመት ይመስለኛል። የዝንጀሮ ፊት በእርግጥም እንደ ውሻ ወደ ፊት የተዘረጋ ነው፤ ስለዚህ በርዝመት ብቻ መፍረድ አይቻልም። በዚያ ላይ ስልኩን ከፊት ለፊት አስጠግተህ ስላነሳኸው ፊቱ ከልኩ በላይ ረዝሟል። አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ብለህ አጉልተህ ከጎን አንሳው፤ እስክሪብቶም አጠገቡ አስቀምጥ።

ጭላዳ ይሆን እንደሆነም አስቤ ነበር። የጭላዳ ፊት አጠር ይላል፤ ሣር በል ስለሆነ የፊት ጥርሶቹም ትንንሽ ናቸው። ያንተው ሰፋፊ ናቸው። የትኛው የዝንጀሮ ዝርያ እንደሆነ ግን በፎቶ ብቻ አልፈርድም። ወንድ ያልኩት በክራንቻው ነው፤ የሴቷ በጣም አጭር ነው።

ክራንቻው ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደውን መስመር ስንጥቅ ነው ብለህ በማጣበቂያ እንዳትሞላው። አብሮት ያደገ ቦይ ነው።