ገንዘቡ መቼ፣ ሊብሬው መቼ? ከማያውቁት ሰው መኪና ስለመግዛት ጥያቄና መልስ

ለዓመታት የመኪና ሽያጭ ውል ሳዘጋጅ፣ ሻጭና ገዢን ይዤ በውልና ማስረጃና በመንገድ ትራንስፖርት መካከል ስመላለስ ኖሬአለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የምናገረው በአዲስ አበባ ስላለው አሠራርና ስለ ኮድ 2 የቤት መኪና ነው። ኮድ 3 ከሆነ የግብር ክሊራንስ ስለሚጨመር ጉዳዩ ይረዝማል። ስለ ሞተርና ስለ ፍሬን አትጠይቁኝ፤ እሱን መካኒክ ያውቀዋል።

የሰሚት ልጅ፦ ደላላው ዛሬውኑ ቀብድ ካልሰጠህ መኪናው ያመልጥሃል እያለ ያዋክበኛል። ከመስጠቴ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ መኪናው ቢያመልጥህ ሌላ መኪና አለ፤ ደላላው የሚቸኩለው ለራሱ ነው። መጀመሪያ ዋናውን ሊብሬ ያዝና ሻንሲ ቁጥሩንና ሞተር ቁጥሩን መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። በፎቶ የተላከልህ ሊብሬ አይቆጠርም። ቀጥሎ ሻጩ ራሱ አብሮህ የመኪናው ፋይል ወደሚገኝበት የመንገድ ትራንስፖርት ቅርንጫፍ ይሂድ፤ መረጃውን ማስወጣት የሚችለው ባለንብረቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ስለሆነ አንተ ብቻህን ብትሄድ ይመልሱሃል። እዚያ የምትጠይቁት የፍርድ ቤት እገዳ፣ የባንክ ዕዳ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት መኖር አለመኖሩንና መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑን ነው። ከቀረጥ ነፃ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርልህም። ሻጩ እዚያ ድረስ ለመሄድ ሰበብ ካበዛ መልሱን አግኝተሃል።

ባለ ቪትዝ፦ በ1,800,000 ብር ተስማምተናል። ሻጩ «ገንዘቡ ሒሳቤ ካልገባ አልፈርምም» ይላል፤ እኔ ደግሞ ካልፈረመ አልከፍልም። ማን ይቅደም?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ስለዚህ ማናችሁም ሙሉ በሙሉ አትቅደሙ። ችግሩ ያለው በሁለት ቦታዎች መካከል ነው። ፊርማው ውልና ማስረጃ ይካሄዳል፤ ስሙ የሚዞረው ደግሞ መንገድ ትራንስፖርት ነው። በመካከሉ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ገንዘብ የሚጠፋውም በእነዚህ ቀናት ነው።

እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ። ፋይሉ ከታየ በኋላ 50,000 ብር ቀብድ በጽሑፍ ይሰጣል። በፊርማው ዕለት 1,650,000 ብር በሲፒኦ ይዘጋጃል። 100,000 ብር ደግሞ ሊብሬው በአንተ ስም እስኪወጣ ድረስ በአንተ ዘንድ ይቆያል። ሲፒኦውን የምታሠራው በሻጩ ሙሉ ስም ነው፤ ሊብሬው ላይና መታወቂያው ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል እንኳን ቢለያይ አስቀድማችሁ አስተካክሉት። በዚያው ጠዋት ሻጩ ሲፒኦው ወደሚሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ አብሮህ ይምጣና ሲዘጋጅ በዓይኑ ይይ። ሐሰተኛ ሲፒኦ ስላለ ጥርጣሬው አያስቀይምህ። ወረቀቱን ግን አንተ ትይዛለህ። ውሉ ተነቦ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ ማኅተሙ ካረፈ በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲፒኦውን ሰጥተህ ዋናውን ሊብሬና ሁለቱንም ቁልፎች ትቀበላለህ። አንድ ነገር ተፈጥሮ ፊርማው ቢቀር ሲፒኦውን ለባንኩ መልሰህ ገንዘቡ ወደ ሒሳብህ ይገባል። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ግን መመለሱ የሻጩ በጎ ፈቃድ ነው።

የሲፒኦው ቁጥር፣ የቀረው 100,000 ብርና የሚከፈልበት ጊዜ ውሉ ውስጥ ይጻፉ። በቃል ብቻ የተነገረ ቀሪ ገንዘብ ኋላ ጠብ ነው።

ነጋዴው፦ ምን ይህን ያህል ሰው ታስጨንቃላችሁ? ውልና ማስረጃ ከተፈረመ መኪናው የገዢው ነው። ስሙን ቦሎ ሲደርስ ያዞረዋል። እኔ ብዙ መኪና እንዲህ ገዝቼ ሸጫለሁ፤ ምንም አልሆንኩም።

መልስ፦ በግማሹ ልክ ነዎት። በሻጩና በእርስዎ መካከል ውሉ ያስገድዳል፤ ሻጩ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ማለት አይችልም። ነገር ግን ሦስተኛ ሰው የሚያየው ውልዎን ሳይሆን ፋይሉን ነው። ሻጩ ሌላ ቦታ ዕዳ ካለበት አበዳሪው ፍርድ ቤት ሄዶ በስሙ ያለውን ሁሉ ያሳግዳል፤ መኪናውም አሁንም በስሙ አለ። ከዚያ በኋላ እርስዎ መኪናዎን ለማስለቀቅ ተከራካሪ ይሆናሉ። ሻጩም ቢሆን እንቅልፍ የለውም፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፤ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚጠራው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። እስከ ዛሬ ምንም ካልሆኑ ዕድለኛ ነዎት። እኔ በዚያው ሳምንት ይዙር ባይ ነኝ።

እናት ዓለም፦ እኔ ገዢ አይደለሁም። ባለቤቴ ሳያማክረኝ በትዳር ያፈራነውን መኪና ለማላውቀው ሰው ሸጠ። ሊብሬው በእሱ ስም ብቻ ነው። አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አላበቃም፤ ግን ጊዜው እየሄደብዎት ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት በሁለቱ ስምምነት እንዲሸጥ ያዛል። ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችሉት ካወቁ ጀምሮ ባለው ስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ደግሞ ከሽያጩ ጀምሮ ሁለት ዓመት። ጠበቃ ዘንድ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይሂዱ።

እናንተ ገዢዎች ደግሞ ይህን ከሌላው ወገን አንብቡት። ሊብሬው ላይ አንድ ስም ብቻ ስላለ ባለቤቱ አንድ ሰው ነው ማለት አይደለም። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መጥታ ትፈርም፤ ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። «ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ናት» የሚል ሻጭ ውክልናዋን ያቅርብ።

ከአዳማ፦ ባለንብረቱ ዋሽንግተን ነው፤ የሚሸጥልኝ ወንድሙ በውክልና ነው። ገንዘቡን ለወንድሙ ልክፈል?

መልስ፦ ውክልናውን ራስህ አንብበው። ሦስት ነገሮች በግልጽ ተጽፈው ካላገኘህ ተነስ፦ ለመሸጥ፣ የሽያጩን ገንዘብ ለመቀበልና ስም ለማዛወር። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲፈጽምልኝ» የሚለው ጥቅል ቃል መኪና አያሸጥም ባይባልም የጭቅጭቅ በር ነው። ከኤምባሲው ማኅተም በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥና እዚህ ውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት፤ ያልተሻረ መሆኑንም እዚያው ጠይቅ። በፊርማው ዕለት ባለንብረቱን በቪዲዮ አነጋግረው። ይህ ወግ አይደለም፤ ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል። ባለንብረቱ እዚህ አገር የባንክ ሒሳብ ካለው ሲፒኦው በእሱ ስም ይሁን፤ የወንድማማች ሒሳብ እነሱ ይተሳሰቡት።

ሹፌሩ፦ ውክልና ካለኝ መኪናውን መንዳት እችላለሁ አይደል? እኔ በውክልና ይዤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ገንዘቡንም ከፍዬ ጨርሻለሁ።

መልስ፦ ጥያቄው ስለ መንዳት አልነበረም፤ ግን ያነሱት ነገር ከተጠየቀው ይብሳል። ገንዘቡን ጨርሰው ከፍለው በእጅዎ ያለው ውክልና ብቻ ከሆነ፣ በወረቀት እርስዎ የሌላ ሰው መኪና የሚነዱ ወኪል ነዎት። የዝውውር ወጪ ለማትረፍ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ሰውየው ውክልናውን ቢሽር ወይም ቢሞት ከልጆቹ ጋር ነው የሚነጋገሩት፤ እነሱም «አባታችን መኪና አውሶዎት ነበር» ይሉዎታል። ሰውየው በሕይወት እያለ፣ በዚህ ሳምንት፣ ይዘውት ይሂዱና የሽያጭ ውል ይፈራረሙ። የከፈሉበት የባንክ ደረሰኝ ካለ ይፈልጉት።

ባለ ቪትዝ፦ ሻጩ ደግሞ ቴምብሩ እንዲቀንስልህ ውሉ ላይ 600,000 ብር ብለን እንጻፍ አለኝ።

መልስ፦ ደግ ሰው ይመስላል። ሽያጩ በእገዳ ወይም በትዳር ጉዳይ ቢፈርስ ይመለስልኝ ብለህ የምትጠይቀው የተጻፈውን 600,000 ብር ነው፤ 1,200,000 ብርህ ምስክር የለውም። መሥሪያ ቤቱም የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የምታስበውን ያህል አያተርፍም። ሐሰት መጻፉን ሳልቆጥር ነው ይህን የምለው። እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ።

ሻጭ ነኝ፦ ገዢው ገንዘቡን አስተላልፌያለሁ ብሎ የባንክ መልእክት በስልኩ አሳየኝ። እኔ ጋ ግን አልገባም። ኔትወርክ ነው ይላል።

መልስ፦ ቁልፉን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። በሌላ ሰው ስልክ ላይ ያለ ምስል ገንዘብ አይደለም፤ በደቂቃ ይሠራል። የራስዎን ሒሳብ በራስዎ ስልክ ወይም በቅርንጫፍዎ ይዩ፤ ካልገባ ነገ ይገናኙ። ቼክም አይቀበሉ። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ወንጀል ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ቢታሰር መኪናዎ አይመለስም።

የሰሚት ልጅ፦ ዘመዴ ቀብድ ከሰጠ በኋላ መኪናው ላይ እገዳ ተገኘ። ሻጩ «እኔም አላውቅም ነበር» ብሎ ቀብዱን ከለከለው። እጥፍ ይመልሳል አይደል?

ነጋዴው፦ እጥፍ ነው እንጂ! ሕጉ ላይ አለ።

መልስ፦ ሕጉ ላይ ያለው ቀብድ ሰጪው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ተቀባዩ ቢወጣ ደግሞ እጥፍ እንደሚመልስ ነው። ሻጩ «እኔ አልወጣሁም፣ እገዳው እስኪነሳ ጠብቁኝ» ካለስ? ቀብዱ ራሱ እንደሚመለስ አምናለሁ፤ እጥፉ ላይ ግን የማውቃቸው ጠበቆች አይስማሙም። አንተ የቀብድ ወረቀቱ ላይ «ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘ ቀብዱ ወዲያውኑ በሙሉ ይመለሳል» ብለህ ጻፍና ከክርክሩ ውጣ።

ሻጭ ነኝ፦ ያንን 100,000 ብር ማስቀረት አልወደድኩትም። መኪናዬን አስረክቤ ገንዘቤን የምለምን ነኝ?

መልስ፦ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ የማይስማሙ ሻጮች ብዙ ናቸው፤ እኔም ሁልጊዜ አላሳምንም። የማይፈልጉ ከሆነ እርስዎ ራስዎ ከገዢው ጋር መንገድ ትራንስፖርት ድረስ ሄደው ፋይሉ ገብቶ ክፍያው ሲፈጸም ይዩ፤ ያኔ ገዢው ሙሉውን ቢከፍል አያስፈራውም። በማንኛውም መንገድ ግን የርክክብ ወረቀት ይፈራረሙ፤ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ይጻፉ። ያለዚያ ከሰዓት በኋላ የመጣ የትራፊክ ቅጣት የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሙሉ መድን ካለው በእርስዎ ስም የተገባ ነውና ገዢው የመድን ድርጅቱን ሳያነጋግር መንዳት የለበትም። ደግሞም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይም በበዓል ዋዜማ አትፈራረሙ፤ ባንኩ ተዘግቶ፣ ቢሮው ተዘግቶ፣ አንዳችሁ ገንዘብ ሌላችሁ ወረቀት ይዛችሁ እስከ ሰኞ ስትጠራጠሩ ትከርማላችሁ።