ለአንድ ኮከብ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከአያት አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር የእንጨትና የኤምዲኤፍ ሥራ ወርክሾፕ አለኝ። ኪችን ካቢኔት፣ ቁም ሣጥን፣ በር እንሠራለን። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ አዲስ ቤት የገቡ ሰዎች ናቸው፤ ከመደወላቸው በፊት ጎግል ማፕ ላይ ስማችንን ከፍተው ሰው ስለ እኛ ያለውን ያነባሉ። ሥራ የጀመራችሁ ልጆች አንድ ቀን እዚያ ላይ የሚያቃጥል ነገር ሲጻፍባችሁ ምን እንደምታደርጉ ከራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

በነሐሴ ወር ነበር። አንዲት ደንበኛ አንድ ኮከብ ሰጥታን እንዲህ ጻፈች፦ «ሌቦች ናቸው። ካቢኔቱን በተባለው ቀን አላመጡም፣ በሁለት ወሩ አበጠ፣ ስልክ ቢደወል አያነሱም። እንዳትሄዱ!»

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አንብቦ ደሙ ፈላ። ወዲያው መልስ ጽፎ «ጋሼ፣ ልልከው ነው» ብሎ አሳየኝ። ቀሪ 8,000 ብር እንዳልከፈለች፣ ውሃ ያፈሰሰችው ራሷ እንደሆነች፣ የምትኖርበትን ኮንዶሚኒየም ሳይቀር ጽፎታል። ቀሪ ክፍያ መኖሩ እውነት ነበር። የውሃው ነገር ግን ግምት ነው፤ ሄዶ ያየ ሰው የለም። «አትላከው» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ መልሱን በኋላ ማረምም ማጥፋትም ይቻላል፣ ግን አንድ ሰው ስክሪን ሹት ካነሳው አለቀ። ደግሞም የሚያነበው እሷ ብቻ አይደለችም። ነገ ቀብድ ሊከፍለን የሚያስብ ሰው ያንን ቢያይ «ለእነዚህ ሰዎች ብር ባጎድል የኔም ዕዳና የቤቴ አድራሻ አደባባይ ይወጣል» ብሎ ያልፈናል። የደንበኛ ክፍያ፣ ስልክና ሰፈር እውነትም ቢሆን እዚያ ላይ አይጻፍም።

ያን ምሽት የሠራሁት ሥራ አንድ ነው። የትዕዛዝ ደብተሩን አውጥቼ የጻፈችውን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ለየሁት። «ሌቦች» የሚለው ስድብ ነው፤ መልስ አያስፈልገውም፣ ተውኩት። «በተባለው ቀን አላመጡም» የሚለውን ደብተሩ ላይ አየሁ፤ በ15 ቀን ብለን ያስረከብነው በ24ኛው ቀን ነው። እውነቷን ነው። «ስልክ አያነሱም» የሚለው አናደደኝ፣ እኛ ስልክ እናነሳለንና። ግን ገጻችን ላይ ያለውን ቁጥር ስመለከተው ካቆምነው ከዓመት በላይ የሆነው አሮጌ ሲም ነው! ሴትየዋ ስንት ቀን በከንቱ ደውላ ይሆን? አዲሱን ቁጥር ደረሰኙ ላይ አሳትመን ገጹን ረስተነዋል። የቀረው «አበጠ» የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ ሳላየው ልክ ነው ወይም አይደለም ማለት አልችልም።

ቁጣ ውስጥ ያለን ቅሬታ እንዲህ ስትበትኑት ብዙ ጊዜ ከፊሉ እውነት ሆኖ ታገኙታላችሁ። መልሱም ከዚያ እውነት ነው የሚጀምረው። እኔ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ፣ ከሁለት ቀን ግን አላሳልፍም። በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ስልኩን አስተካከልኩ፣ ከዚያ ይህን ጻፍኩ፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ካቢኔቱ ከተባለው ቀን ዘግይቶ መድረሱ እውነት ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። እዚህ ላይ የነበረው ስልክ የማይሠራ አሮጌ ቁጥራችን ስለነበር ደውለው አላገኙንም፤ ዛሬ ቀይረነዋል። ያበጠውን ክፍል ሳናይ ምክንያቱን መናገር አንችልም። ቅዳሜ ጠዋት መጥተን እንድናየው ይፍቀዱልን። ከእኛ ሥራ የመጣ ከሆነ ያለ ክፍያ እንቀይራለን። የወርክሾፑ ባለቤት።»

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ይቅርታው «ቅር ብሎዎት ከሆነ» አይልም። እንዲህ ያለ ይቅርታ ጥፋቱን ወደ ደንበኛው ስሜት ይመልሰዋል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ ወዲያው ይገባዋል። «ከሆነ» የሚለውን ያስገባሁት ባላየሁት ነገር ላይ ብቻ ነው። ያላረጋገጣችሁትን ጥፋት ለሰላም ብላችሁ አትቀበሉ፤ ነገ ሄዳችሁ ሌላ ነገር ብታገኙ ቃላችሁን ልታጥፉ ነው። ሁለተኛው «ቅዳሜ ጠዋት» የሚለው ነው። «በቅርቡ እናነጋግርዎታለን» ማንም ይላል፤ ቀን ከጻፋችሁ ግን የምታከብሩት ቀን ይሁን፣ ሁሉም እያየው ነውና። በዚያው ዕለት በደብተሩ ላይ ባለው ስልኳ ደወልኩላት። መጀመሪያ አላነሳችም፤ ማታ ራሷ ደወለች።

ቅዳሜ ራሴ ሄድኩ። ያበጠው የሲንኩ ሥር ያለው የታችኛው ቦርድ ነው፤ እብጠቱ የሚጀምረው ቧንቧ ከሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ሆኖ ወደ ውጭ እየቀነሰ ይሄዳል። እጄን ወደ ላይ ሰድጄ ሲፎኑን ስነካው እርጥብ ነው፤ ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ የገጠመው ነው፣ ጠብ ጠብ ይላል። ልጁ በግማሽ ልክ ነበር ማለት ነው። ግን የኤምዲኤፍ ፊቱ ቢሸፈንም የተቆረጠው ጠርዝ ውሃ ይጠጣል፤ ያንን ቀዳዳ የቆረጥነው እኛ ነን፣ ሲሊኮን ሳንቀባ ትተነዋል። ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ያ ጠብታ እንዲህ በቶሎ አያሳብጠውም ነበር። ሁለቱንም ነገርኳት። ሲፎኑን እሷ አሠራች፣ ቦርዱን እኛ በነጻ ቀየርን። ቀሪውን ክፍያ ሳልጠይቃት ከፈለች።

ግምገማውን አጥፊልኝ አላልኳትም። ቅናሽ ወይም ገንዘብ ሰጥቶ ግምገማ ማስጠፋት ወይም ማስቀየር የጎግል ደንብም ይከለክለዋል። ዘመድ አዝማድና ሠራተኛ ሰብስቦ አምስት ኮከብ ማስሞላትም እንዲሁ የተከለከለ ነው፤ በአንድ ሳምንት የመጣ ውዳሴ ለአንባቢም ያስታውቃል። ያደረግኩት፣ ለአንድ ግምገማ የባለቤት መልስ አንድ ብቻ ስለሆነ ያንኑ መልስ ከፍቼ ከታች ጨመርኩ፦ «ቅዳሜ አይተን የታችኛውን ቦርድ ቀይረናል፤ የቧንቧውን ቀዳዳ ጠርዝ ሲሊኮን ቀብተናል።» ከመጀመሪያው የጻፍኩት ላይ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። ሲፎኑን ማን እንደገጠመው አላነሳሁም፣ እሷ ታውቀዋለች።

የማታውቁት ሰው፣ ደብተራችሁ ላይ የሌለ ትዕዛዝ ይዞ ቢመጣባችሁስ? «ትዕዛዝዎን መዝገባችን ላይ አላገኘነውም፤ እባክዎ በዚህ ስልክ ይደውሉልን» ብላችሁ በእርጋታ ጻፉ። ውሸታም አትበሉት፤ በሚስቱ ወይም በወንድሙ ስም አዝዞ ሊሆን ይችላል። የዘር ስድብ፣ ዛቻ ወይም የሐሰት መሆኑ ግልጽ የሆነ ነገር ከሆነ ጎግል ላይ ሪፖርት ይደረጋል፤ የሚነሳው ግን ደንብ የጣሰ ሲሆን ነው። «ዘግይቷል፣ አልዘገየም» የሚለውን ክርክር ጎግል አይዳኝላችሁም።

የሴትየዋ አንድ ኮከብ ዛሬም እዚያው አለ። ባለፈው ሰሞን አንድ ጎልማሳ የኪችን ልኬት ይዞ መጣ። ዋጋ ተነጋግረን ቀብዱን ሊቆጥር ሲል ቆም አለና «የሲንኩን ቀዳዳ ሲሊኮን ትቀቡታላችሁ አይደል?» አለኝ። «እንቀባለን» አልኩት፤ ልጁም የትዕዛዝ ደብተሩ ላይ ጻፈው።