«ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ጀሪካን

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ጠብሼ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ሲመረመር ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። የሚረጋው ዘይትም ፈሳሹ የሱፍ አበባ ዘይትም «ከኮሌስትሮል ነፃ» ይላሉ። ለቤትና ለሥራ የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ጽሑፉ እውነት ነው፤ ግን ለመምረጥ አይረዳዎትም። በምግብ ውስጥ ያለ ኮሌስትሮል የሚመጣው ከእንስሳት ስለሆነ ማንኛውም የዕፅዋት ዘይት ይህንን መለጠፍ ይችላል። የባለቤትዎን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው።

ስለዚህ ጀሪካኑን አዙረው ጀርባውን ያንብቡ። የሚረጋው አብዛኛውን ጊዜ ፓልም ኦሊን ነው፤ ከ100 ግራሙ 45 ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። በሱፍ አበባ ዘይት ግን 11 ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ይመዝናል። ባለቤትዎ በቀን ሦስት ማንኪያ ቢመገቡ ከፓልሙ 19 ግራም፣ ከሱፍ አበባው 5 ግራም የማይሞላ ሳቹሬትድ ስብ ይደርሳቸዋል። ለቤትዎ ወጥ እንግዲህ የሱፍ አበባው ነው። (ዘይቱ በብርድ መርጋቱ በደም ሥር ውስጥ ይረጋል ማለት አይደለም፤ ይህን ስጋት በየቀኑ እሰማለሁ።) «የአትክልት ዘይት» ብቻ ብሎ የዘሩን ስም የማይጠቅስ ዘይት እኔ አልገዛም። «ሃይድሮጂን የተጨመረበት» የሚለውንም ይተዉት።

ለመጥበሻው ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱም ተጣርተው ቀለማቸውና ሽታቸው የተወገደ ከሆነ፣ ዓሣ የሚጠበስበትን 180 ዲግሪ ያህል ሙቀት ሳይጨሱ ይችሉታል። ልዩነቱ የሚታየው ደጋግመው ሲጠብሱበት ነው። ተራው የሱፍ አበባ ዘይት ሙቀትና አየር ሲደጋገሙበት ቶሎ ይበላሻል፤ ፓልሙ ይቆያል። ሁለቱንም ጥቅም የሚሰጠው «ከፍተኛ ኦሌይክ» የሚል የሱፍ አበባ ዘይት ነው። ሳቹሬትድ ስቡ ዝቅተኛ ነው፣ መጥበሻም ላይ ይቆያል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ካገኙት ለደንበኞችዎም እሱን እመርጣለሁ። በሰፈር የተጨመቀ፣ ያልተጣራ የኑግ ዘይት ግን ቶሎ ስለሚጨስ ለጥብስ አይሆንም።

የትኛውንም ቢገዙ የዓሣው ውኃና የዱቄቱ ፍርፋሪ ዘይቱን ያበላሹታል። ዓሣውን አድርቀው ይክተቱ፤ ማታ ዘይቱ ሲበርድ በጨርቅ ያጥልሉት። አረፋው ዓሣው ከወጣ በኋላም ካልጠፋ፣ በተለመደው እሳት መጨስ ከጀመረ ወይም እንደ ሽሮፕ ከወፈረ ይድፉት፤ አዲስ ዘይት ቢጨምሩበትም አሮጌው አዲሱን ያበላሸዋል እንጂ አይታደስም። ከመጥበሻው የተረፈውንም ለወጥ ብለው ወደ ቤት አይውሰዱ። ባለቤትዎ ደግሞ ዘይቱን ከቀየሩ ከሦስት ወር በኋላ ደማቸውን በድጋሚ ያስመርምሩ፤ ሐኪማቸው መድኃኒት አዘውላቸው ከሆነ ዘይት ተቀየረ ብለው እንዳያቋርጡት።